የስኒከር ወገን ከየት ይታወቃል? ከጣቱ እስከ ሶሉ

ሁለት ነጭ የቆዳ ስኒከሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም አጭር ናቸው። ሁለቱም በክር ይታሰራሉ። የብራንዱ ምልክት ቢሸፈን አንዱ ለቴኒስ፣ ሌላው ለቅርጫት ኳስ የተሠራ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? መጀመሪያ የላይኛው ክፍልና ሶሉ የሚገናኙበትን መስመር እዩ። ቀጥላችሁ ከጣት በላይ ያለውን የፊት ክፍል እዩ። በመጨረሻ ጫማውን ገልብጡና መሬት የሚነካውን ጎማ ተመልከቱ። በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ሰው አብዛኛውን ስኒከር በየወገኑ መመደብ ይችላል።

ስሞቹን ቶሎ እንለፋቸው። ከሶል በላይ ያለው፣ እግርን የሚሸፍነው ሁሉ «የላይኛው ክፍል» ይባላል። ከፊት ጣቶች የሚያርፉበት ቦታ ቶ ቦክስ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ክሩ እስከሚጀምርበት ድረስ ያለው፣ ስንራመድ የሚታጠፈው ክፍል ቫምፕ ይባላል። ከዚያ ወደ ኋላ ምላሱ፣ የክር ቀዳዳዎቹ፣ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ያለው ኮላርና ተረከዝን አጥብቆ የሚይዘው ጠንካራ ክፍል አሉ። ከታች ደግሞ ሦስት ንብርብር አለ። እግር የሚረግጠው ስስ ምንጣፍ ኢንሶል ነው። መሀል ላይ ያለው፣ ድንጋጤን የሚውጠው ሚድሶል ነው። መሬት የሚነካው አውትሶል ነው።

የቶ ቦክስና የቫምፕ ድንበር ብዙ ጊዜ በስፌት አይለይም። በብዙ ጫማዎች ላይ ሁለቱ ከአንድ ቁራጭ ቆዳ የተቆረጡ ናቸው። ስኒከር ሰብሳቢዎች ቶ ቦክስ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚታየውን፣ ቀዳዳ የተበሳሳበትን ቁራጭ ማለታቸው ነው። ጫማ ሠሪዎች ግን ጣቶች የሚያርፉበትን ውስጡን፣ ቁመቱንና ስፋቱን ጭምር ነው የሚሉት። ይህን ካወቅን ይበቃል።

መጋጠሚያው

ከሁሉም በላይ ብዙ የሚናገረው ቦታ ይህ ነው ባይ ነኝ። የላይኛው ክፍል ከሶል ጋር የሚያያዝባቸው ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። ሦስቱም ሚድሶሉ የት እንደሚገኝ ይወስናሉ።

የመጀመሪያው ቫልካናይዝድ የሚባለው ነው። ኮንቨርስ ኦል ስታርን አስቡ። ይህ ጫማ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የተሠራ የቅርጫት ኳስ ጫማ ነበር። የሸራው የላይኛው ክፍል ገና ሙሉ በሙሉ ባልበሰለ ጎማ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ረጅም የጎማ ጥብጣብ በጫማው ዙሪያ ይጠቀለላል። ጫማው እንዳለ፣ የእግር ቅርጽ ያለው ፎርማ ውስጡ እንዳለ፣ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ይበስላል። ጎማው ሲበስል ድኝ የጎማውን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ጥብጣቡ፣ ሶሉና ሸራው አንድ ላይ ይያያዛሉ። ቻርልስ ጉድይር ይህን የጎማ አበሳሰል አሜሪካ ውስጥ በ1844 ነው በስሙ ያስመዘገበው።

ምልክቱ ግልጽ ነው። በጎኑ ዙሪያ ጠፍጣፋ የጎማ ጥብጣብ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ተረከዙ ላይ ወይም የውስጥ ጎኑ ላይ የጥብጣቡ ሁለት ጫፎች የተደራረቡበት ቦታ ይገኛል። ሶሉ ስስ ነው፤ በቀላሉ ይታጠፋል። ሚድሶል ፈልጉ ብትባሉ ከውጭ አታገኙም። አብዛኛው የስፖርት ፎም ያንን ሙቀት ስለማይችል ወፍራም ሚድሶል አብሮ አይበስልም። ለስላሳ ነገር ካስፈለገ ኋላ ላይ ኢንሶል ሆኖ ይገባል። ስኬትቦርድ የሚጫወቱ ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ ሰሌዳው ከእግር በታች ይሰማቸዋል። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ለሚቆም ሰው ተረከዝ የሚያሳርፍ ብዙ ነገር የለውም። ሲያረጅ ደግሞ ጥብጣቡ እግር በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከትንሿ ጣት አጠገብ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ካፕሶል ነው። ሶሉ ለብቻው በብረት ቅርጽ ውስጥ ይሠራል። ጠርዙ ወደ ላይ ከፍ ያለ እንደ ስኒ ያለ የጎማ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። የላይኛው ክፍል ውስጡ ይቀመጣል፣ በማስቲሽ ይያዛል፣ ከዚያ በጠርዙ ዙሪያ ይሰፋል። ያ በጎማው ጎን ላይ የምታዩት የክር መስመር ይህ ነው። ርካሽ በሆኑ ጫማዎች ላይ መስመሩ አንዳንዴ ጎማው ላይ የተቀረጸ ማስመሰያ ነው። ኢንሶሉን አንሥታችሁ ጠርዙን እዩ። ክሩ እውነተኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥም ይታያል። የአዲዳስ ስታን ስሚዝና ሱፐርስታር፣ የናይኪ ኤር ፎርስ ዋን የዚህ ወገን ናቸው። ሚድሶሉ እዚህ አለ፤ ግን በሳጥኑ ውስጥ ተደብቋል። ከውጭ የምታዩት ወፍራም ነጭ ጎን ሁሉ ፎም ይመስላል እንጂ ጎማ ነው። ካፕሶል ጫማ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የሩጫ ጫማ መንገድ ነው። ፎሙ ራሱ ከውጭ ይታያል። የላይኛው ክፍል በፎሙ ላይ በማስቲሽ ብቻ ይለጠፋል፤ ስፌት የለም፣ ጥብጣብም የለም። ከፎሙ ሥር ስስ የጎማ ቁራጮች ይለጠፋሉ። ቀላል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ግን ሕይወቱ በማስቲሹ ጥራት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሲለቅ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከፊት፣ ጣት መሬት ከሚገፋበት ቦታ ነው።

ሦስቱን በአንድ ጥያቄ መለየት ይቻላል፦ ሚድሶሉን አያለሁ ወይ? ጥብጣብ አይታችሁ ሶሉም ስስ ከሆነ ቫልካናይዝድ ነው። በስፌት የተከበበ ወፍራም ጎማ ካያችሁ ካፕሶል ነው። ፎሙ ራሱ ፊት ለፊት ከታየ የሩጫ ወገን ነው።

የፊት ክፍሉ

የፊት ክፍሉ ንድፍ ጫማው ለምን እንደተፈለገ ይናገራል፤ እያንዳንዱ ስፖርት ጫማውን የሚጎዳበት ቦታ የተለያየ ነውና።

የሸራ ጫማ ጣቱ ላይ ግማሽ ክብ የጎማ ቆብ አለው። ሸራ በጣት በኩል ቶሎ ስለሚበላ ነው። አዲዳስ ሱፐርስታር እ.ኤ.አ. በ1969 ለቅርጫት ኳስ ሲወጣ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቆዳ ጫማ አመጣው፤ ሸንተረር ያለው የጎማ ቆብ እስከ ዛሬ መለያው ነው። የስኬትቦርድ ጫማ ደግሞ ጣቱ ላይ ስዊድ የሚባል ቬልቬት መሰል ቆዳ ይደርባል። ተጫዋቹ ሰሌዳውን ሲያነሣ የእግሩን ጎን በሰሌዳው ሸካራ ገጽ ላይ ይጎትታል። እዚያ ቦታ ሸራ ብቻ ቢሆን በጥቂት ቀን ይቀደዳል።

የቴኒስ ጫማ የድሮው ዓይነት ቫምፑ ልሙጥ ነው። ስታን ስሚዝን ተመልከቱ፤ ከጣቱ እስከ ክሩ ያለው አንድ ንጹሕ ቆዳ ነው። የ1980ዎቹ የቅርጫት ኳስ ጫማ ግን የተደራረበ ነው። መሀል ላይ ትንንሽ ቀዳዳ የተበሳሳበት ቁራጭ አለ። ዙሪያውን ሌላ ወፍራም ቆዳ ይከበዋል። ቀዳዳው አየር ያስገባል፣ ዙሪያው ደግሞ እግር ወደ ጎን ሲገፋ ይይዛል። የድሮ የሩጫ ጫማ በተቃራኒው መሀሉ መረብ ወይም ናይለን ነው። ከታች በሶሉ ጠርዝ ብቻ የስዊድ ቁራጭ ጣቱን ይዞራል። ይህ ቁራጭ መድጋርድ ይባላል፤ ሥራውም ጭቃና ድንጋይ መከላከል ነው።

አሁን ወደ መታጠፉ እንምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚያማርረው ይህን ነውና። አዲስ የቆዳ ስኒከር ሁለት ሳምንት ተደርጎ ቫምፑ ላይ መስመር ሲያወጣ «ተበላሸ» ይባላል። አልተበላሸም። እግራችን ተረከዙን ሲያነሣ ጣቶች ከእግር በሚጋጠሙበት፣ ሰፊው ቦታ ላይ ይታጠፋል። ጫማውም እዚያው መታጠፍ አለበት። ሊታይ የሚገባው መስመሩ የት እንደወጣ ነው። በእግሩ ሰፊ ቦታ ላይ፣ ወደ ክሩ መጀመሪያ ቀረብ ብሎ ከወጣ ጫማው ልክ ነው። ወደ ፊት ሄዶ ጣቶች ላይ ጥልቅ እጥፋት ካወጣ ጫማው ረዝሟል፣ ወይም ቶ ቦክሱ ለእግሩ በጣም ከፍ ያለ ነው። ባዶ ቦታ የሚሞላው ስላጣ ቆዳው ይሰምጣል።

የእጥፋት መከላከያ እየተባለ የሚሸጠውን ፕላስቲክ እኔ አልወደውም። ቶ ቦክሱ ውስጥ ገብቶ የጣቶችን ቦታ ይወስዳል። ጫማው መታጠፍ ያለበት ቦታ ላይም ጠርዙ እግር ይቆርጣል። ለሚቀመጥ ጫማ ይሁን፤ ለሚደረግ ግን አይሆንም።

የቶ ቦክስ ስፋት በቁጥር አይገለጽም። 42 ማለት ርዝመት ነው። ሁለት 42 ጫማዎች ፎርማቸው ከተለየ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ሹል ሊሆን ይችላል። ጥሩው መፈተሻ ኢንሶሉን አውጥቶ መሬት ላይ አድርጎ በላዩ መቆም ነው። ጣቶች ከጠርዙ ወደ ውጭ ከወጡ ውስጥ ሲገቡም ይጨናነቃሉ። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መትረፍ አለበት። ጠባብ ጫማን በአንድ ቁጥር ከፍ በማድረግ ማስተካከል የሚሞክር ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ ግን የመታጠፊያው ቦታ ወደ ፊት ይሄድና ያ ጥልቅ እጥፋት ይመጣል።

ሚድሶልና ዕድሜው

ሚድሶል በብዛት የሚሠራው ከሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ኢቪኤ የሚባል ቀላል ፎም ነው። ሁለተኛው ፖሊዩሬታን ሲሆን ይከብዳል፣ ግን ሲረገጥ ቶሎ አይደክምም። አዲዳስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቡስት ብሎ ያወጣው ደግሞ የተነፉ ትንንሽ ፍሬዎችን አጣብቆ የተሠራ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ገጹ ላይ ፍሬዎቹ ለየብቻ ስለሚታዩ ለማወቅ አይከብድም።

ሁለቱ ዋና ዓይነቶች የሚሞቱበት መንገድ ይለያያል። ኢቪኤ በመረገጥ ይሞታል። ውስጡ ያሉት የአየር አረፋዎች ይደቃሉ፣ አይመለሱም። ተረከዙ ጎን ላይ አግድም የሆኑ የማይጠፉ ስስ መጨማደዶች ካያችሁ ፎሙ ደክሟል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ደቅቷል ማለት ነው።

ፖሊዩሬታን ግን ሳይረገጥም ይሞታል። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ የቁሱን ሰንሰለት ይበጣጥሰዋል። ካርቶን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ፣ ገጹ አዲስ የሚመስል ጫማ አንድ ቀን ሲደረግ ሶሉ እንደ ደረቅ ኬክ ይፈረፈራል። ከአሥር ዓመት ያለፈ የድሮ ስኒከር የምትገዙ ከሆነ ፎሙን በጥፍር ቀስ አድርጋችሁ ጫኑት። ከተጣበቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ካወጣ ለመደርደሪያ እንጂ ለእግር አይሆንም። የሚገርመው፣ አንዳንዴ እየተደረገ ያለው ጫማ ታሽጎ ከተቀመጠው ይሻላል። ስለዚህ «አንድም ቀን አልተደረገም» የሚለው ቃል ለዚህ ዓይነት ጫማ ዋስትና አይሆንም።

ሚድሶል መለያ ጌጥ የሆነው ግን በ1987 ነው። ናይኪ በጫማው ውስጥ የአየር ከረጢት ማስቀመጥ የጀመረው ከዚያ በፊት ነበር፤ ማንም ግን አያየውም ነበር። በሙያው አርክቴክት የነበረው ቲንከር ሃትፊልድ ኤር ማክስ ዋንን ሲነድፍ የሚድሶሉን ጎን ቆርጦ መስኮት ከፈተለት። ሐሳቡን ያገኘው ቧንቧዎቹ ሁሉ ከውጭ ከሚታዩት ከፓሪሱ የፖምፒዱ ማዕከል ሕንፃ እንደሆነ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ጎኑ ላይ መስኮት ያለው ሚድሶል ራሱን የቻለ የስታይል ወገን ሆኗል።

ዛሬ የሚድሶል ውፍረት የውድድር ሕግም ነው። የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ሩጫ የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኗል። ውስጡ የሚገባው ጠንካራ ፕሌትም ከአንድ እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ አንድ የሩጫ ጫማ «ለውድድር» ነው «ለልምምድ ብቻ» የሚባለው በማስመሪያ ተለክቶ ጭምር ነው።

ገልብጧቸው

አውትሶል ላይ ብዙ አንቆይም፤ ንድፉ ራሱ ይናገራል። የዓሣ አጥንት የመሰለ ዚግዛግ የሜዳ ጫማ ነው። ወደ ፊትም ወደ ጎንም ስለሚይዝ ለቴኒስና ለቅርጫት ኳስ ይመቻል። እግሩ ሰፊ በሚሆንበት ቦታ ላይ እርስ በርስ የተካተቱ ክቦች ካያችሁ የቅርጫት ኳስ ጫማ ነው፤ ተጫዋቹ በአንድ እግሩ ቆሞ እንዲዞር። ትንንሽ አራት ማዕዘን ጉብታ ያለው ዋፍል የሚባለው የሩጫ ነው። የኦሪገኑ አሠልጣኝ ቢል ባወርማን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቤቱን የዋፍል መጋገሪያ ተጠቅሞ ሞክሮታል። ጥርሳቸው የረዘመና የተራራቀ ደግሞ ለተራራና ለጭቃ ናቸው።

አሁን አንድ ጫማ አብረን እንመርምር፤ ናይኪ ኤር ፎርስ ዋን፣ አጭሩን። ጎኑ ላይ በስፌት የተከበበ ወፍራም ነጭ ጎማ አለ፤ ፎም አይታይም። ስለዚህ ካፕሶል ነው። ቴኒስ ወይስ ቅርጫት ኳስ? ፊቱ ላይ ቀዳዳ የተበሳሳበት ቁራጭ አለ፣ ዙሪያውን ሌላ ቆዳ ደርቦታል። ይህ ወደ 1980ዎቹ ቅርጫት ኳስ ይጠቁማል። ገለበጥነው፤ ክቦቹ አሉ። አበቃ፣ የቅርጫት ኳስ ጫማ ነው። እውነትም በ1982 በብሩስ ኪልጎር ተነድፎ ሲወጣ ኤር የተባለው የአየር ከረጢት ያለው የመጀመሪያው የናይኪ ቅርጫት ኳስ ጫማ ነበር። ከረጢቱ ግን የት አለ? ካፕሶሉ ውስጥ፣ ተረከዙ ሥር ተደብቋል። ስሙ «ኤር» የሆነ ጫማ አየሩ የማይታየው ለዚህ ነው።

ስታን ስሚዝን በዚያው መንገድ ብትሄዱበት የመጀመሪያው መልስ አንድ ነው፤ እሱም ካፕሶል ነው። ሁለተኛው ላይ ይለያያሉ። ፊቱ ልሙጥ ነው፤ ሶሉም ስስና ዝቅ ያለ ነው። የኮላር ቁመት እዚህ አልረዳንም፤ ሁለቱም አጭር ናቸው። ቁመቱ አጭር፣ መካከለኛ ወይም ረጅም መሆኑን ብቻ ይነግረናል እንጂ ወገኑን አይነግረንም። አንዱ ሞዴል በሦስቱም ቁመት ሊወጣ ይችላል፤ ኤር ፎርስ ዋን ራሱ መጀመሪያ የወጣው ረጅም ሆኖ ነው።

መመደቢያው የሚሰናከልባቸው ጫማዎችም አሉ። የቅርጫት ኳስ ፊት ለብሰው የሩጫ ፎም ላይ የተቀመጡ ዛሬ ሞልተዋል። እነዚህን በፊታቸው ብትጠሯቸው ችግር የለውም፤ ለጨዋታ ከፈለጋችኋቸው ግን በሶላቸው ፍረዱ። ከፍ ያለ ለስላሳ ፎም ያለው ጫማ ወደ ፊት ለመሮጥ ነው የተሠራው። ሜዳ ላይ በድንገት ወደ ጎን ስትዞሩበት ፎሙ ይንሸራተታል፣ ቁርጭምጭሚትም ይጠመዘዛል።

ጉምሩክ ደግሞ የራሱ መመደቢያ አለው፤ ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት የዕቃ መለያ ሥርዓት ጫማን በምዕራፍ 64 ያስቀምጣል። የላይኛው ክፍል የሚመደበው ከውጭ ሰፊውን ቦታ በያዘው ቁስ ነው፤ ጌጥና ማጠናከሪያ አይቆጠርም። ሶሉ የሚመደበው መሬት በሚነካው ገጽ ላይ በበዛው ቁስ ነው። አንዳንድ አዲስ ኮንቨርስ ስትገለብጡ ሶሉ ላይ ስስ ጨርቅ መሰል ሻካራ ነገር የምታዩት ከዚህ የተነሣ ነው። ጎማውን በብዛት ከሸፈነው ወደ አሜሪካ ሲገባ የሚከፈልበት ቀረጥ ይቀንሳል። ጫማውን ካደረጋችሁት ብዙም ሳይቆይ ተፍቆ ያልቃል፤ ከሥሩ ያው የተለመደው ጎማ ይወጣል።